ከሀገር ልብስ ሱቅ፦ ዘጠኝ ወር የሠራሁበት ስልክ

ባለፈው መስከረም ጎንደር ፒያሳ ላለው የሀገር ልብስ ሱቄ እንዲያገለግለኝ በ23,500 ብር አንድ የአንድሮይድ ስልክ ገዛሁ። ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ማከማቻው 256 ጊጋባይት፣ ባትሪው 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ ዋናው ካሜራው 50 ሜጋፒክስል ነው። እነዚህ ቁጥሮች በብዙ አምራቾች ካርቶን ላይ ስለሚገኙ የአምራቹን ስም መጥቀስ አላስፈለገኝም። ቀሚስና ነጠላ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለደንበኞች እልካለሁ፤ ክፍያውን በቴሌብር እቀበላለሁ፤ ስለዚህ ስልኩን የምመዝነው እንደ ሥራ ዕቃ ነው።

በጣም የረካሁት በባትሪው ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሱቅ ስከፍት መቶ በመቶ የነበረው፣ ስልክ እየተደወለልኝና ፎቶ እየላክሁ ውዬ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስዘጋ በመጀመሪያዎቹ ወራት አርባ አምስት በመቶ ያህል ይተርፍ ነበር፤ አሁን ሠላሳ አምስት አካባቢ ነው። መብራት ጠፍቶ በሚያድርበት ቀን ይህ ትርፍ ለማግስቱ ግማሽ ቀን ይበቃል። ልብስ ለማምጣት ወደ ደባርቅ በሄድሁ ቀን ግን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አሥራ ሁለት በመቶ ደረሰ፤ ኔትወርክ በደከመበት መንገድ ስልኩ ምልክት ለመያዝ ኃይሉን ከፍ እያደረገ ስለሚሠራ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስሆን ዳታውን እዘጋለሁ፤ ምልክቱ ጭራሽ በጠፋበት ስፍራ ደግሞ ወደ አውሮፕላን ሁነታ እቀይረዋለሁ።

ካሜራው ላይ ብዙ የምለው አለኝ፤ ከገንዘቤም ከልፋቴም የበዛውን የወሰደው እሱ ነው። 50 ሜጋፒክስል የሚለው ቁጥር ሲገዙ ያማልላል፤ ስልኩ ግን በተለመደው አሠራር አራት አራቱን ነጥብ አንድ እያደረገ 12.5 ሜጋፒክስል ፎቶ ነው የሚያወጣው። ለቴሌግራም ይህ ከበቂ በላይ ነው። ያስቸገረኝ ቀለሙ ነው። በጥቅምት አንዲት ደንበኛ ከባሕር ዳር ደውላ «እህቴ፣ ያሳየሽኝ ጥለት ደማቅ ቀይ ነበር፤ የደረሰኝ ግን ጠቆር ያለ ነው» አለችኝ። ልብሱን መልሼ ወሰድሁላት፤ ጥፋቱ የእሷ አልነበረምና። ካሜራው ፎቶው ዓይን እንዲስብ ቀዩንና አረንጓዴውን ከእውነቱ አድምቆ ያወጣዋል። ነጩ ሸማ ደግሞ ፎቶውን ሞልቶ ሲይዘው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፤ የፈተለችውንም የሸመነውንም ሰው ልፋት የሚያሳንስ አመድማ መልክ ይሰጠዋል። መፍትሔውን ያገኘሁት በሙከራ ነው፦ ልብሱን ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው በር አጠገብ ሰቅዬ፣ ስክሪኑን ሸማው ላይ ነክቼ ብርሃኑን ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ካደረግሁ በኋላ ነጩ ነጭ ይሆናል። ባለ 2 ሜጋፒክስሉ የቅርብ ካሜራ የጥለቱን ክር ለይቶ ማሳየት ስለማይችል ጨርሶ ትቼዋለሁ፤ በዋናው ካሜራ ትንሽ ራቅ ብዬ አንስቼ መቁረጥ ይሻላል። ጥር 11 ቀን በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር በቀን ያነሳኋቸው ፎቶዎች ግሩም ናቸው፤ በዋዜማው ማታ ታቦታቱ ካደሩበት ያነሳኋቸው ግን ደብዝዘዋል፤ ሰው ሲንቀሳቀስም ፊቱ አይለይም።

ጥንካሬውን በተመለከተ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሁለተኛው ከባጃጅ ስወርድ ኮብልስቶን ላይ ነበር፤ ከላይ የተለጠፈው መከላከያ መስታወት ተሰነጠቀ እንጂ ስክሪኑ አልተነካም። በየካቲት ቻርጀሩ መያዝ እምቢ አለ፤ ገመዱን ካላጣመምሁት በቀር አይሞላም ነበር። የወሰድሁበት ጠጋኝ የቻርጅ ቀዳዳው ይቀየር ብሎ 1,800 ብር ጠየቀኝ። ቤት ገብቼ ስልኩን አጥፍቼ በቀጭን የእንጨት ስንጥር በቀስታ ስጎረጉረው፣ ከሱቁ የገባ የጥጥ ብናኝ እንደ ጨርቅ ተጠቅጥቆ ወጣ። ቻርጀሩ ከዚያ በኋላ ጠቅ ብሎ ይገባል። ሸማ፣ ጥጥ ወይም ዱቄት ካለበት ቦታ የሚሠራ ሰው ለጥገና ከመክፈሉ በፊት ይህን ይመልከት።

ዋጋውን ከመከላከያ መስታወቱና ከሽፋኑ ጋር 24,200 ብር አወጣሁበት፤ ለዘጠኝ ወር ሲካፈል በወር 2,700 ብር ገደማ ይሆናል፤ ስልኩ ገና ብዙ ስለሚሠራ ድርሻው ይቀንሳል። በዚያው ዋጋ ዛሬም ቢሆን ለባትሪው ስል እገዛዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አራዳ ስጠይቅ ግን 28,000 ብር አሉኝ፤ በዚህ ዋጋ ካሜራው የጥለት ቀለም በትክክል ካላሳየኝ አልወስደውም፤ ስለዚህ ቀጣዩን ስልክ ስገዛ አንድ ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ ይዤ ሄጄ እዚያው ሱቁ በር ላይ አንስቼ አያለሁ።