ምጥን ሽሮና በርበሬ፣ ትናንት የተፈጨ፦ ከሻጯ ማስታወቂያ ሥር የተጻፉ አስተያየቶች

እኔ ካንቺ ስወስድ ይሄ ሦስተኛዬ ነው። መጀመሪያ ግማሽ ኪሎ ብቻ ነበር ያዘዝኩት። ፈርቼ ነው። ከዚያ በፊት ከሌላ ቦታ የገዛሁት በርበሬ ወጡን ከማቅላት በቀር ምንም ጣዕም አልነበረውም። ያንቺን ገና ክዳኑን ስከፍተው ኮረሪማው አወደኝ። ዶሮ ሠራሁበት፣ ባለቤቴ ቀምሶ «እማማ ላኩ እንዴ?» አለኝ። አሁን ለበዓል ሁለት ኪሎ ያዢልኝ።

ሽሮው አንደኛ ነው፣ አይጓጉልም፣ ሲንተከተክ ሽታው ደረጃው ድረስ ይወጣል። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ እህቴ፣ ጨው እንዳለበት ሳላውቅ ጨምሬበት የመጀመሪያውን ድስት አበላሸሁት። እሽጉ ላይ ብትጽፊበት ጥሩ ነው።

ከላይ ስለ ጨው ለጻፍሽው፦ አሁን ጽፋበታለች። ሐሙስ የደረሰኝ ላይ በስክሪብቶ «ጨው አለው» ይላል።

ሳሪስ ድረስ በሞተር ነው የላከችልኝ። ላስቲኩ መንገድ ላይ ተቀዶ በርበሬው ትንሽ ፈሶ ነበር። እንድትጠነቀቅ ብዬ ፎቶውን ላኩላት እንጂ ካሳ አልጠየቅኳትም። በማግስቱ ሩብ ኪሎ በድርብ ላስቲክ አሽጋ ላከችልኝ፣ የሞተሩንም ራሷ ከፍላ። እንዲህ የምትሠራ ልጅ እንድትከስር አልፈልግም።

ዱባይ ነው ያለሁት። ታናሽ እህቴ ስትመጣ ካንቺ ገዝታ አመጣችልኝ። እዚህ ሙቀቱ በርበሬ ስለሚያበላሽብን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬ በማንኪያ እየቆነጠርኩ ነው የምጠቀመው፣ አራት ወር ሆኖት ሽታው እንዳለ ነው። ዓርብ ዓርብ ከጓደኞቼ ጋር ስንሰበሰብ ሽሮ የምሠራው እኔ ሆኛለሁ። እጅሽ ይባረክ የኔ እናት።

እኔ ገና አልገዛሁም። ቪዲዮው ላይ ዛላውን ስትቀነጥሺ ሳይ ግን የእናቴ ግቢ ትዝ አለኝ፣ ጆንያ ላይ የተሰጣው በርበሬ፣ እኛ እያስነጠስን ዶሮ ስናባርር። አባቴ ጨጓራ ስላለበት ብዙ የሚያቃጥል አይችልም። ለስለስ ያለ ታዘጋጃለሽ?

ለስለስ ያለ አላት ወንድሜ፣ ለእናቴ እሱን ነው የምወስደው። ደውልላት፣ ታብራራልሃለች።

ጎረቤቷ ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ወፍጮ ቤት አብረን እንሄዳለን። ባለፈው ፈጪው የሌላ ሰው እህል ፈጭቶ ሳይጠርግ የሷን ሊጨምር ሲል «መጀመሪያ ይጠረግልኝ» ብላ እንቢ አለች። ከኋላ የተሰለፍነው ሁላችን አጉረመረምን፣ እኔም ጭምር፣ ቸኩዬ ነበር። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ቆማ አስጠርጋ፣ መጀመሪያ የወጣውን ዱቄት ለብቻ አስቀምጣ ነው ያስፈጨችው። ያን ቀን ለቤቴ አንድ ኪሎ ገዛኋት።