የሚሚ ልደት መዝሙሮች፦ ንካው! ወራጅ አለ!

ወንድሜ፣ እሁድ 8 ሰዓት ላይ ሚሚ 7 ዓመት ትሞላለች። የተጠሩት ልጆች 12 ናቸው። ከጎረቤት ሳይጠሩ የሚመጡ 2 አሉ፤ 14 በላቸው። የእድሩን ፕላስቲክ ወንበር ቅዳሜ ማታ ያመጡልናል። ዘፋኙ አንተ ነህ። እዚህ ደብረ ብርሃን ውስጥ እንዳንተ የሚጮህ ሰው የለም፣ አትግደርደር።

ዘንድሮ በስልክ ሙዚቃ አናጫውትም። አምና ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሙዚቃውን ባቆምኩ ቁጥር "ሚሚ ወንበር ጋ ስትደርስ ጠብቃ ነው" ተባልኩ። እውነት ለመናገር አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ከዚያ መሃል ላይ መብራት ሄደ። ስፒከሩ ጭጭ አለ። ልጆቹ እኔ ያቆምኩት መስሏቸው እየተጋፉ ተቀመጡ፣ አንዱ ትንሽዬ ወንበር ቢያጣ የጓደኛው ጭን ላይ ወጣና "እኔም ተቀምጫለሁ!" ብሎ ድርቅ አለ። ዳኛ ጠፋ። ጨዋታው በለቅሶ አለቀ።

ስለዚህ አራት መዝሙር ጻፍኩልህ። እያንዳንዱ አንድ ማስነሻና፣ ከመጨረሻው በቀር፣ አንድ ማስቆሚያ ቃል አለው። ማስቆሚያው ቃል ግጥሙ ውስጥ ሌላ ቦታ አይገኝም፣ ሆን ብዬ ነው። "ቁም" የሚል ቃል ግጥሙ መሃል ከገባ ግማሹ ልጅ ይቆማል፣ ግማሹ ይሮጣል፣ ከዚያ ጠብ ነው። አንተ ጀርባህን ለልጆቹ ሰጥተህ ዝፈን። ባለ 5 ሊትሩን የዘይት ጀሪካን ገልብጠህ ምታው፤ ቃሉን ስትጠራ ጀሪካኑም አብሮ ዝም ይበል።


መጀመሪያ፦ የደሴ መስመር (ለወንበር ጨዋታ)

ወንበሮቹን ጀርባ ለጀርባ በሁለት ረድፍ ደርድር፤ ለ14 ልጅ 13 ወንበር። አንድ አንድ ወንበር ብቻ ካነሳህ 13 ዙር ይሆናል፣ ይሰለቻቸዋል። እስከ 7 ልጅ ድረስ ሁለት ሁለት እያነሳህ ውረድ፣ ከዚያ በኋላ አንድ አንድ።

አንተ ረዳት ነህ። ሳትጠይቃቸው እንዳይነሱ።

አንተ፦ መኪናው ሞልቷል?
ልጆች፦ ሞልቷል!
አንተ፦ በሩ ተዘግቷል?
ልጆች፦ ተዘግቷል!
አንተ፦ ንካው!

(ጀሪካኑ ይጀምራል፣ ልጆቹ ወንበሮቹን እየዞሩ ይሄዳሉ።)

ሰንዳፋን አለፍን፣ አለልቱን አለፍን፣
ሸኖ ላይ ለጋ ቅቤ ገዝተን ጫንን፣
ጫጫ ስንደርስ ጮኽን ዘፈንን፣
ቢፕ ቢፕ! ቢፕ ቢፕ! መንገድ ልቀቁልን።
ወራጅ አለ!

(ሁሉም ይቀመጣል። የቆመ ወረደ። "ሞልቷል?" ብለህ እንደገና ጀምር።)

ደብረ ብርሃን ላይ ከብርዱ አመለጥን፣
ሻይ ፉት ፉት አልንና ሽቅብ ሮጥን፣
ወራጅ አለ!

(አዎ፣ ይህኛው ሁለት መስመር ብቻ ነው። አራት መስመር የለመደ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል።)

ጣርማ በር ደረስን፣ ዋሻው ጨለመ፣
ሾፌሩ ፓውዛ አበርቶ ቀደመ፣
ከኋላ ያለው ልጅ ለምን አዘገመ?

(እዚህ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ በሹክሹክታ። ልጆቹ እጃቸውን ከፊታቸው ያለው ልጅ ትከሻ ላይ ያድርጉ፣ ዋሻ ውስጥ ናቸው።)

ውስጥ ውስጡን... ውስጥ ውስጡን... ጫፉ ላይ ብርሃን...
ወራጅ አለ!

ዋሻው ያ ጣሊያን የፈለፈለው ነው፣ አባባ ስናልፍ ሁልጊዜ የሚያወራልን። ትልልቆቹ ልጆች ያውቁታል፣ ትንንሾቹ ግን ጨለማ ሲባል ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እንዳይጋጩ ቀስ በል።

አራት ልጅ ሲቀር ይህን አምጣው። ማታለያ አለበት፦

ቁልቁለቱ መጣ፣ ጆሯችን ታፈነ፣
ደብረ ሲና ታየን፣ ጉሙ ተበተነ፣
ወራጅ... የለም!

(ማንም እንዳይቀመጥ! የተቀመጠ ወረደ። ጀሪካኑ አይቋረጥም።)

ሙዙ በዘለላ፣ ሙቀቱ በላብ፣
ሹራብ አውልቁና ወደ ሮቢት በሉ ገብ ገብ፣
ወራጅ... ወራጅ... ወራጅ አለ!

ማታለያውን ከሁለት ጊዜ በላይ አትጠቀም። ሦስተኛው ላይ ልጆቹ አንተን ማመን ያቆማሉ፣ አንዷ ደግሞ እናቷን ትጠራለች።

ሁለት ልጅ አንድ ወንበር ሲቀር ግጥም የለም። ጀሪካኑን ብቻ እየመታህ "ቢፕ ቢፕ፣ ቢፕ ቢፕ" እያልክ አዙራቸው፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በፍጥነት። ሲበቃህ ጥራው።

የወረደ ልጅ ጥግ ይዞ አያልቅስ። ወርዶ ካንተ ጎን ይቆምና ረዳት ይሆናል፤ "ቢፕ ቢፕ" የሚለውን እሱ ይጮኻል። አምና የቀረችን ይቺ ነበረች። ዘንድሮ ቶሎ ለመውረድ የሚሽቀዳደሙ ሁሉ ይኖራሉ ብዬ እሰጋለሁ።


ሁለተኛ፦ የጓሳ ጭላዳ (ቀጥ ብሎ ለመቅረት)

ወንበሮቹን አንሳ። እንደ ጭላዳ ይጨፍራሉ፣ ነብር ሲባል ድርቅ ይላሉ። የተነቃነቀ፣ የሳቀ፣ አፍንጫውን የነካ ወጣ። ማስነሻው "ፀሐይ ወጣች!" ነው።

ፀሐይ ወጣች!

ገደል ላይ አድረን ሜዳው ላይ ወጣን፣
ሣሩን ነጨት ነጨት ቁጭ ብለን በላን፣
ደረታችን ቀይ ነው፣ ማነው የቀባን?
ንፋስ ጎፈራችንን አበጠረልን።
ነብር!

("ነጨት ነጨት" ሲባል ሁሉም ቁጢጥ ብሎ በሁለት እጁ ሣር ይነጫል። ጭላዳ እውነትም እንዲህ ነው የሚበላው፣ መንዝ ጓሳ የሄደ ያውቃል። ነብር ስትል ቀስ ብለህ እስከ አምስት ቁጠር፤ ትንንሾቹ ከዚያ በላይ አይችሉም።)

ፀሐይ ወጣች!

እከኪኝ እህቴ፣ ጀርባዬ በላኝ፣
እሺ ወንድም ዓለም፣ ቆይ ዙርልኝ፣
ቅማል አገኘሁኝ፣ ልብላው? ፍቀድልኝ፣
ነብር!

ቅማሉን ሚሚ ናት የጨመረችው። አያታችን "ነውር ነው" ብላለች። ልጆቹ ግን በዚህ መስመር ነው የሚስቁት፣ መሳቅ ደግሞ ያስወጣል፤ ስለዚህ ለጨዋታው ጠቃሚ ነው ብዬ ተውኩት። ወላጅ ፊቱን ካጠቆረ እኔ ጋ ላከው።


ሦስተኛ፦ ባናው ይዙር (ስጦታ ለማቀባበል)

ክብ ሠርተው ምንጣፉ ላይ ይቀመጡ። ስጦታው ባለቀለም እርሳስ ነው፤ በስምንት ድርብ ጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ፣ በየድርቡ ሁለት ሁለት ከረሜላ አለ። ከላይ የአያታችን አሮጌ ባና ቁራጭ ተጠምጥሞበታል። ባናው ይዋጋል፣ ልጆቹ "ውይ!" ይላሉ፣ ደስ ይላል።

ማስነሻው "በረደኝ!"፣ ማስቆሚያው "ሞቀኝ!" ነው። ባናው እጁ ላይ የቀረ ልጅ አንድ ድርብ ይፈታል። ይህ መዝሙር ዝግ ያለ ነው፣ ጀሪካን አይመታም፣ በጭብጨባ ብቻ።

በረደኝ!

ውርጭ ነው፣ ውርጭ ነው፣ ሣሩ ነጭ ለበሰ፣
ጣቴ ደነዘዘ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣
ባናውን አቀብለኝ፣ ቶሎ በል፣ ደረሰ፣
ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ወደ እኔ ተመለሰ።
ሞቀኝ!

(ይፈታ። ከረሜላውን ይውሰድ። ወረቀቱን ወደ መሃል ይጣል፣ አለበለዚያ ማታ እኔ ነኝ የምለቅመው።)

በረደኝ!

የመንዝ በግ ሰጠን፣ እናቴ ፈተለች፣
ሸማኔው ሸመነው፣ አያቴ ለበሰች፣
ብርዱ በር ሲያንኳኳ "የለሁም" አለች፣
ድመቷም ገባችና ጭራዋን አስቀረች።
ሞቀኝ!

በረደኝ!

ቆሎ አለ በኪሴ፣ ማነው የሚካፈል?
ባናው ወዲህ ሲመጣ ሁሉም እሺ ይበል፣
(ሁሉም፦ እሺ!)
ሞቀኝ!

ድርቡ ስምንት፣ ልጁ 14 ነው፤ ለሁሉም አይደርስም። ዓይንህን ጨፍነህ ዝፈን። ሚሚ ቀድማ ፈትታ ከሆነ ዝም በል፣ ካልደረሳትም ዝም በል። ኬኩ ለእሷ ነው፣ ይበቃታል።


መጨረሻ፦ በጎቹ ገቡ (ከኬክ በፊት)

እስካሁን ጮኸዋል፣ ላብ በላብ ናቸው። በዚህ ሁኔታ ሻማ ፊት ከደረሱ ኬኩን እንጦጦ ያደርሱታል። ስለዚህ እናስተኛቸው። ሁሉም ምንጣፉ ላይ ይጋደሙ። እዚህ ማስቆሚያ ቃል የለም፣ ዝምታው ራሱ ነው። ማስነሻው ደግሞ ከአኩኩሉ ጨዋታ የተበደርነው ነው፣ ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል።

ዝግ ብለህ፣ እንደ እሹሩሩ፦

በጎቹ ገቡ፣ በረቱ ሞላ፣
እረኛው ጋደም አለ እራቱን በላ፣
ጨረቃ ብቅ አለች ከተራራው ኋላ፣
ዝም ብሎ የተኛ ኬኩን ይበላ።

(ሁለት ጊዜ ዝፈነው፣ ሁለተኛውን በሹክሹክታ። ከዚያ ዝም በል። ጸጥታው እስኪሰማህ ጠብቅ።)

አንተ፦ አኩኩሉ!
እኔ ከጓዳ፦ አልነጋም!

(እዚህ ላይ ብድግ የሚል አይጠፋም። "አልነጋም፣ ተኛ" በለውና መልሰው፤ አይባረርም፣ የሚባረርበት ሰዓት አልፏል።)

አንተ፦ አኩኩሉ!
እኔ ከጓዳ፦ አልነጋም!

ሁለተኛውን ስመልስ ኬኩን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ ማለት ነው። መጋረጃውን በእግርህ ገለጥ አድርግልኝ፣ ሁለቱም እጄ ተይዟል። ሻማው በንፋስ እንዳይጠፋ ውጭ በሩን ዝጋ።

አንተ፦ አኩኩሉ!
እኔ፦ ነግቷል!

(ሁሉም ይነሳል። ሚሚ ትንፋ።)

ክብሪት እኔ ኪስ ውስጥ አለ። አንተ ጀሪካኑን ብቻ አትርሳ፣ ውስጡ የቀረ ዘይት ካለ ቅዳሜ አጥበህ ገልብጠው። አምና ሱሪህ ላይ የሆነውን ታውቃለህ።