ላብ ሪፖርት፦ የፔንዱለም ርዝመትና ጊዜ

መላምት፦ ክሩ ሲረዝም ፔንዱለሙ ይዘገያል። ግን ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ አይሆንም፤ ከL ጋር በእኩል መጠን የሚያድገው T² ነው።

ዳታ (10 ውዝዋዜ፣ ማዕዘኑ ከ10° በታች)

| L (m) | 10T (s) | g = 4π²L/T² (m/s²) |
|---|---|---|
| 0.40 | 12.8 | 9.64 |
| 0.70 | 16.9 | 9.68 |
| 1.00 | 20.2 | 9.68 |

የስህተት ትንተና፦ ዋናው ጣጣ እጄ ነው። ስቶፕዋች ስጫን ±0.2 ሰከንድ ሊዛባ ይችላል፤ ይሄ በ12.8 ላይ 1.6% ነው፣ T ስኩዌር ስለሚደረግ ደግሞ g ላይ 3% ገደማ ይደርሳል። በ20.2 ላይ ግን 2% ብቻ ስለሆነ ረጅሙን ክር ይበልጥ አምነዋለሁ። የሜትሩ ±1 ሚሊ ሜትር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሦስቱም ከ9.8 ማነሳቸው ግን አጋጣሚ አይመስልም፦ ሁሌ 0.1 ሰከንድ አርፍጄ ካቆምኩ ልክ ይሄ ልዩነት ይመጣል።

መደምደሚያ፦ አማካዩ g 9.66 ነው፣ ከ9.8 በ1.4% ያንሳል፤ ከስህተቱ ክልል አልወጣም። L 2.5 ጊዜ ሲያድግ T ያደገው 1.58 ጊዜ፣ ማለትም √2.5 ነው። ውጤቱ መላምቱን ይደግፋል።