ለእህቴ የጻፍኩላት የመጀመሪያ የጂም ፕሮግራም

የስድስት ወር ከፍለሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ትሬድሚል ላይ ብቻ ተራምደሽ መመለስሽን ስትነግሪኝ ሳቄ መጣ። እኔም የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍኩት እንደዛው ነበር። ማሽኖቹ ጋ ስትጠጊ ሰው ሁሉ የሚያይሽ ይመስልሻል አይደል? ማንም አያይሽም፣ እዛ ቤት ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ መስታወት ላይ ራሱን ነው የሚያየው። ባለፈው አብሬሽ መጥቼ ያሉትን ማሽኖች ስላየሁ፣ ይህን የጻፍኩልሽ በዛው ጂም ባለው ዕቃ ነው። ስልክሽ ላይ አስቀምጪው። ለስምንት ሳምንት ከዚህ ውጪ ምንም እንዳትጨምሪ። ቲክቶክ ላይ ያየሽውንም ቢሆን።

ቀኖቹ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ናቸው። ሰው ሁሉ ሰኞ ረቡዕ ዓርብ ነው የሚሠራው፣ አንቺ ግን ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾሚያለሽ። ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆድሽን ባንክ ቁጭ ብለሽ ውለሽ፣ ማታ አንድ ነገር ቀምሰሽ ሌግ ፕሬስ ላይ ብትወጪ ዓይንሽ ነው የሚጨልመው። ደግሞ ሰኞ ጂሙ ገበያ ነው፣ ለአንድ ማሽን ሦስት ሰው ይሰለፋል።

ሦስቱንም ቀን ሙሉ ሰውነት ነው የምትሠሪው። ከጎንሽ ያለው ጎረምሳ «ዛሬ ደረት፣ ነገ እጅ» ሲል ትሰሚያለሽ፣ ተይው፣ እሱ ከጀመረ ስንት ዓመቱ ነው። እንደሱ ከፋፍለሽ ብትሠሪና የወር መዝጊያ ሆኖ አንድ ቀን ብትቀሪ፣ እግርሽ ሳምንቱን ሙሉ ሳይሠራ ያልፋል ማለት ነው። ሙሉ ሰውነት ከሆነ ግን አንድ ቀን ብትቀሪም ሁሉም ቦታ ሁለት ጊዜ ተነክቷል። ሌላው ነገር ልምምድ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚጨምረው ጉልበት ብዙው ከጡንቻ ማደግ አይደለም፣ ሰውነትሽ እንቅስቃሴውን እየለመደው ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መደጋገሙ ይጠቅምሻል።

ማሽን የመረጥኩልሽ ደግሞ ብረቱ የሚሄድበት መንገድ የተወሰነ ስለሆነ ነው። ቢከብድሽ ቀስ ብለሽ ትመልሽዋለሽ፣ ደረትሽ ላይ የሚወድቅ ነገር የለም፣ «ያዝልኝ» ብለሽ የማታውቂውን ሰው አትለምኚም። እና መብራት ሲጠፋ ትሬድሚሉ ቀጥ ይላል፣ ክብደቱን ፒን ሰክተሽ የምትመርጪበት ማሽን ግን ይሠራል።

ከመጀመርሽ በፊት አምስት ደቂቃ ትሬድሚል ላይ ፈጠን ብለሽ ተራመጂ፣ አምስት ብቻ። ከዛ እያንዳንዱን ማሽን ስትጀምሪ መጀመሪያ በጣም ቀላል አድርገሽ አሥር ጊዜ ሥሪ፣ እሱ ማሟሟቂያ ነው፣ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ከዛ በኋላ ያለው ነው። ሳታርፊ በተከታታይ የምትሠሪው አንድ ዙር «ሴት» ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሁለት ሁለት ሴት፣ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሦስት ሦስት። በአንድ ሴት ከ8 እስከ 12 ጊዜ። በሴቶቹ መካከል ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ታርፊያለሽ፣ በሰዓት ያዢው፣ ምክንያቱም ስልክ ከከፈትሽ ሁለት ደቂቃ የሚባለው አሥር እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን።

«ስንት ኪሎ ላድርግ?» ላልሽው፣ ከእኔ ቁጥር አትጠብቂ። አንዱ ማሽን ላይ 20 የሚለው ሌላው ላይ 20 አይደለም፣ አንዳንዱ በፓውንድ ነው የተጻፈው፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ 1፣ 2፣ 3 ብቻ ነው የሚለው። የምታደርጊው እንዲህ ነው። ከላይ ካለው ቀላሉ ጀምሪና አሥር ጊዜ ግፊ። እየገፋሽ ወሬ ማውራት ከቻልሽ አንድ ብረት ጨምሪ። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ሦስቱ ዘገም ካሉብሽ፣ ግን «ብገደድ ሁለት ወይ ሦስት እጨምር ነበር» ካልሽ፣ ያንቺ ክብደት እሱ ነው። እስኪያቅትሽ ድረስ አትሂጂ።

ማክሰኞ

መጀመሪያ ሌግ ፕሬስ። ከመቀመጥሽ በፊት ፒኑን እዪ! ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው 100 ላይ ሰክቶት ሄዶ ይሆናል። ጀርባሽና መቀመጫሽ ወንበሩ ላይ ተለጥፈው፣ እግርሽን የትከሻሽን ያህል ከፍተሽ ሳህኑ መሃል ላይ አድርጊ። ስትገፊ በተረከዝሽም ጭምር ግፊ፣ መጨረሻ ላይ ጉልበትሽን ቀጥ አድርገሽ አትቆልፊው። ስትመልሺ ዳሌሽ ከወንበሩ መነሳት ከጀመረ በጣም ወርደሻል፣ እዛ ላይ አቁሚ።

ቀጥሎ ቼስት ፕሬስ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ የተጎዳሁበት ማሽን ነው። ስጀምር ወንበሩን ማስተካከል እንዳለ እንኳን አላውቅም ነበር፣ የሚያሳየኝም ሰው አልነበረም። በጣም ዝቅ ባለ ወንበር እጀታው ትከሻዬ ጋ ደርሶ ስገፋ ስገፋ ከርሜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፀጉሬን ለማሰር እንኳን ክንዴን ማንሳት አቃተኝ። አንቺ ስትቀመጪ እጀታው የደረትሽ መሃል ላይ መሆን አለበት። ከፍ ካለብሽ ከወንበሩ ሥር ያለውን ፒን ስበሽ ወንበሩን ከፍ አድርጊው። ትከሻሽን ወደ ኋላና ወደ ታች ጣል አድርጊ፣ ከዛ እየተነፈስሽ ግፊ። ስትመልሺ አየር ሳቢ። ብረቱ «ጧ» ብሎ ከወደቀ ቸኩለሻል። ወደ ፊት አንድ ሰከንድ፣ ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይፍጅብሽ።

ሦስተኛ ሲትድ ሮው፣ ደረትሽን የሚደግፍ ያለው ማሽን። በእጅሽ ሳይሆን በክርንሽ የምትስቢ አስመስይው፣ ኪስሽ ውስጥ ልትከቺው እንደፈለግሽ ወደ ኋላ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ጎብጠሽ ስለምትውዪ ከሁሉም በላይ የምወድልሽ ይህን ነው።

አራተኛ ሌግ ከርል፣ ቁጭ ተብሎ እግር ወደ ታች እየታጠፈ የሚሠራው። ጉልበትሽ ማሽኑ ከሚታጠፍበት ክብ ነገር ትይዩ ይሁን፣ ካልሆነ ጉልበትሽን ይቆጠቁጥሻል። መጨረሻ ላይ ፕላንክ፣ በክርንሽና በእግር ጣትሽ ተደግፈሽ ሰውነትሽን ቀጥ አድርገሽ መቆየት፣ ሁለት ጊዜ 20 20 ሰከንድ። በጉልበትሽ ተንበርክከሽ ብትጀምሪም ችግር የለውም።

ሐሙስ

ዛሬ ከማሽን ውጪ የሆነ አንድ ነገር አለ፣ ዳምቤል ይዞ ስኳት። አምስት ወይም ስድስት ኪሎዋን ዳምቤል በሁለት እጅሽ ደረትሽ ላይ አቅፈሽ፣ ከኋላሽ ቤንች አድርገሽ፣ ቀስ ብለሽ ቁጭ ልትዪ ነክተሽው ትነሻለሽ። ሌላ ምንም ምስጢር የለውም። እማዬ ቡና ስታፈላ ዱካዋ ላይ ቁጭ ብድግ የምትለው በቀን ስንቴ ነው? በስድሳ ዓመቷ ካንቺ የተሻለ ጉልበት ያላት በነጻ መሰለሽ!

ከዛ ላት ፑልዳውን። ጭንሽን የሚይዘውን ትራስ አጥብቂው፣ አለበለዚያ ብረቱ ነው አንቺን ወደ ላይ የሚስብሽ። ዘንጉን በፊትሽ በኩል ወደ አንገትሽ አጥንት አውርጂው። ከአንገት ጀርባ የሚያወርዱ ሰዎች ታያለሽ፣ አንቺ አታድርጊው። ቀጥሎ የትከሻ ማሽኑ፣ ሾልደር ፕሬስ። ይህ ከሁሉም ቶሎ የሚደክም ቦታ ስለሆነ ቀላል ክብደት ላይ ብትቆዪ እንዳይከፋሽ፣ ያለ ነገር ነው። መጨረሻ ላይ ምንጣፉ ላይ በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ዳሌሽን ወደ ላይ ማንሳት፣ ላይ ሲደርስ አንድ ሰከንድ ያዝ እያደረግሽ። እሱ ከ12 እስከ 15 ጊዜ ይሁን።

ቅዳሜ

እንደ ማክሰኞው ነው፣ ሌግ ፕሬስ፣ ቼስት ፕሬስ፣ ሮው፣ ሌግ ከርል። ቅዳሜ ከሰዓት ስለማትገቢና ጊዜ ስላለሽ ላት ፑልዳውን ይጨመራል። በፕላንክ ፈንታ በሁለት እጅሽ ዳምቤል ይዘሽ ቀጥ ብለሽ ከጫፍ ጫፍ መሄድ። ውሃ ጠፍቶ ሁለት ጀሪካን ተሸክመሽ ደረጃ እንደወጣሽው ማለት ነው፣ ግን ሳትጎብጪ። ሦስት ዙር በቂ ነው።

ሁሉም ቀን በሁለት ሴት ከ40 ደቂቃ አያልፍም፣ በሦስት ሴት አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል።

አሁን ስለ መጨመር። ትንሽ ደብተር ያዢ፣ ባንክ የሚሰጡሽ አጀንዳ ሥራ ያገኛል። እንዲህ ትጽፊያለሽ፦ «ሌግ ፕሬስ፣ ወንበር 4፣ 30፣ 12፣ 12፣ 10»። የወንበሩን ቁጥር ከጻፍሽ በሚቀጥለው ጊዜ እንደ አዲስ አትቸገሪም። ሦስቱንም ሴት 12 ስታደርሺ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንዲት ብረት ጨምሪ። ያኔ ወደ 8 ወይም 9 ትወርጃለሽ፣ ከዛ እንደገና ወደ 12 ትወጫለሽ። እግር ላይ በየሳምንቱ ልትጨምሪ ትችያለሽ፣ ትከሻ ላይ ግን ወር ሙሉ አንድ ቦታ ልትቆሚ ትችያለሽ። በሰባተኛው ሳምንት ክብደቱን ሳትቀንሺ ወደ ሁለት ሴት ተመለሽ፣ ሰውነትሽ ትንፋሽ ይውሰድ። በስምንተኛው ወደ ሦስቱ ተመልሰሽ ቀጥይና ከዛ ደብተሩን ይዘሽ ነይ፣ አብረን እናየዋለን።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ተሰባብረሽ ነው የምትነሺው። በተለይ በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ መከራ ይሆንብሻል። ታክሲ ውስጥ ስትቀመጪ «እሰይ!» ትያለሽ። ይህ ጤነኛ ነው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ስሜት፣ ማዞር ወይም ደረት ላይ የሚጫን ነገር ካለ ግን ሌላ ነው፣ ወዲያው አቁሚ፣ የደረቱ ከሆነ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው።

«ትከሻዬ ሰፍቶ እንደ ወንድ እሆናለሁ» ላልሽው፣ እኔ አምስት ዓመት ሠርቼ የሠርግሽ ዕለት የለበስኩት ቀሚስ አሁንም ይገባኛል። እንደዛ የሚሆነው ለዓመታት ለእሱ ብሎ የሚበላና የሚሠራ ሰው ነው፣ በድንገት የሚከሰት ነገር አይደለም።

ምግብ ላይ ብዙ አልልሽም። የፕሮቲን ዱቄት እንዳትገዢ። በፍስክ ቀን ጠዋት ሁለት ሦስት እንቁላል፣ በጾም ቀን ደግሞ ሽሮው ወፍራም ይሁን፣ ምስሩና ክኩ ከእንጀራው ይብለጥ። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ስለሆነ ማቋረጥ ይመጣብሻል። አታቋርጪ፣ ክብደቱን ያዢና ወደ ሁለት ሴት ውረጂ፣ ያገኘሽውን ጉልበት ይዞ ያቆይልሻል።

ማክሰኞ ከሥራ ስትወጪ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጂሙ በር ላይ እጠብቅሻለሁ፣ ወንበሮቹን አብረን እናስተካክላለን። ከሐሙስ ጀምሮ ብቻሽን ነሽ። ፎጣ እንዳትረሺ።