የስቶር ኪፐር ቅጥር፦ ማጣሪያና ነጥብ አሰጣጥ

ለሲቪ ማጣሪያ ቲም
ከስቶር ክፍል ኃላፊ፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ጓዶች፣ 140 ሲቪ ገብቷል፣ እስከ ሐሙስ ማታ 12 ሰው ለፈተና እንድታሳልፉልኝ ነው የምፈልገው።

መጀመሪያ ነጥብ ሳትሰጡ የምትጥሉት፦ በሰፕላይ ወይ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ የሌለውን (ሌቭል 4 ከሆነ ሲኦሲ ያለፈበት ማስረጃ ይኑረው)፣ በስቶር ስራ 2 ዓመት ያልሞላውን፣ ዋስ ማቅረብ የማይችለውን፣ በሺፍት አልሰራም የሚለውን። አንዱ ከጎደለ በቃ፣ የማንም ዘመድ ቢሆን።

ያለፉትን ከ100 ስጡ፦ ልምድ 50፣ ኤክሴል 20፣ ትምህርት 15፣ ማመልከቻው 15። ከ60 በታች አይለፍ።

ልምዱ ላይ አደራ። "በስቶር ሰርቷል" የሚል ደብዳቤ ብቻ ከሆነ ከ15 አትለፉ፤ ቢን ካርድ ይሞላ እንደነበር፣ ቆጠራ ላይ እንደገባ፣ ጨርቅ ወይ ኬሚካል ተረክቦ እንደያዘ ከተጻፈ ነው ወደ 50 የሚጠጋው። አምና ሲቪው ያማረ ልጅ ቀጥረን ቢን ካርዱ 48 ጥቅል ይላል መደርደሪያው ላይ ያለው 41 ነው፣ ሰባቷን ጥቅል ፍለጋ ሶስት ቀን ስንቆጥር የስፌት መስመሩ ቆሞ ሰራተኛው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፣ እሱ እንዲደገም አልፈልግም።

አድራሻው ደሴ ስለሆነ ነጥብ አይቀነስበት። የማታው ሺፍት 4 ሰዓት ስለሚያልቅ ግን እንዴት እንደሚመለስ ደውላችሁ ጠይቁት።

እያንዳንዱን ሲቪ ሁለት ሰው ለየብቻ ይየው፣ ከ10 ነጥብ በላይ ከተለያያችሁ ለኔ አምጡት።