አልለቅም ያለው ጎማ

ዳዶው በቀላሉ ተፈታ። የጋሪው ጎማ ግን ከአክስሉ ጋር በዝገት ተጣብቋል። ናፍጣ ጠጥቶ አድሮ እንኳ ንቅንቅ አላለም።

«አባዬ፣ አክስሉን በመዶሻ ልምታው?»

«ጫፉን በቀጥታ ከመታኸው ያብጣል። ያኔ ጎማው ጭራሽ አይወጣም። ያንን እንጨት አምጣ።»

ልጁ እንጨቱን ከጎማው ጀርባ፣ እምብርቱ ላይ ደግፎ ያዘ። አባቱ መታ። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች፣ ደግሞ ከጎን። የልጁ መዳፍ ነዘረው። እንጨቱን ግን አልለቀቀም።

አባቱ የፈላ ውሃ አምጥቶ እምብርቱ ላይ ቀስ እያለ አፈሰሰ። «ብረት ሲሞቅ ይሰፋል» አለ። እንደገና መታ።

ሲጥ አለ። ቀይ ዝገት ረገፈ።

«ተንቀሳቀሰ! አባዬ፣ አየሁት!»

አባቱ መዶሻውን አቀበለውና እንጨቱን ራሱ ያዘ።

«በል፣ አንተ ጨርሰው።»