የማሽላ ዘር መለዋወጫ ጥሪ፦ ቅዳሜ መጋቢት 19፣ ሐርቡ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ መጋቢት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 6፡30
ቦታ፦ ሐርቡ፣ የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል ግቢ፣ ዋርካው ሥር
የምትመጡበት ምክንያት፦ ዘንድሮ የምትዘሩትን የአገር ማሽላ ዘር ያለ ገንዘብ፣ ዘር በዘር ለውጣችሁ እንድትሄዱ

ለተከበራችሁ የቃሉና የአካባቢው አርሶ አደሮች፣

ባለፈው ሳምንት የበተንነው ጥሪ ሰላምታው ረዝሞ ቀኑ ከወረቀቱ ግርጌ ስለቀረ፣ ብዙ ሰው «መቼ ነው? የት ነው?» እያለ ጠይቆናል። ስለዚህ እንደገና ጽፈነዋል፤ የያዛችሁት የፊተኛው ከሆነ በዚህ ተኩት።

ቀኑን በመጋቢት ያደረግነው ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ ስለተቃረበ ነው። ዝናቡ ከጣለ በኋላ ዘር ፍለጋ መውጣት ምን ያህል እንደሚያንገላታ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሁሉንም ዓይነት እንቀበላለን፤ አጥብቀን የምንፈልጋቸው ግን ወተት በጉንጬንና ማር ጩቄን ነው። ሁለቱም የወሎ ማሽላዎች ናቸው። በ1965 ዓ.ም. ገደማ ተመራማሪዎች ከወሎ የተገኙ ማሽላዎችን መርምረው፣ ላይሲን የተባለው የገንቢ ምግብ ክፍል ከሌላው ማሽላ እጅግ በልጦ አገኙባቸው። እናቶቻችን እሸቱን ጠብሰው ለልጅ ሲሰጡ ጣዕሙን በስሙ ነግረውናል። ዛሬ አንድ መደብ እንኳ የዘራ ካለ፣ አንድ ዛላ ይዞ ቢመጣ ለሁላችንም ትልቅ ስጦታ ነው።

እናቶች በተለይ እንድትመጡልን እንለምናለን። ከማሳው የቱ ዛላ ለዘር እንደሚቀር የምትመርጡት፣ ነቀዝ እንዳይነካውም ከምድጃው በላይ በጢስ የምትሰቅሉት እናንተ ናችሁ። 4 ሰዓት ላይ ሁለት እናቶች በጢስ የጠቆረ ዛላ ይዘው፣ የፍሬውን መሙላትና የአገዳውን ጥንካሬ እንዴት እንደሚለዩ ያሳያሉ። ከዚያ ስለ አቀንጭራ እንነጋገራለን፤ ማሳው የተወረረበት ሰው የትኛው ዘር እንደተቋቋመለት ቢነግረን ከማንኛውም ንግግር ይበልጥብናል።

ይዛችሁ የምትመጡት፦ በደንብ የደረቀ፣ ያልተቀላቀለ ዘር፣ ከአንድ ዛላ እስከ አንድ ጣሳ። ስሙን፣ የተዘራበትን ቀበሌና በስንት ወር እንደሚደርስ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ቋጥሩት። መጻፍ ለማይችል በር ላይ ተማሪዎች ይጽፉለታል። የሚሰጠው ዘር የሌለውም ይምጣ፤ አንድ እፍኝ ወስዶ ለከርሞ ሁለት እፍኝ ይመልሳል።

ቡናና ቆሎ አለ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለሆነ ምሳው ሽሮና ምስር ነው፤ ሁሉም አብሮ ይቀርብበታል። ዝናብ ከጣለ ወደ ስብሰባ አዳራሹ እንገባለን፤ ቀኑ አይለወጥም። ከሩቅ ቀበሌ የምትመጡ እስከ ረቡዕ መጋቢት 16 ድረስ ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ብታሳውቁ ምሳውን በልክ እናዘጋጃለን።

የዘር መለዋወጫው አስተባባሪዎች